መደብ ማጠፍ ሩሌትን ያሸንፋል? በወረቀት እናስላው

ሩሌት በሚሽከረከር መዘውር ላይ ኳስ የት ቤት እንደምታርፍ የሚገመትበት ቁማር ነው። በሚጫወቱት ሰዎች ዘንድ አንድ በጣም የሚያሳምን ዘዴ አለ። ቀይ ላይ 10 ብር ያስይዛሉ። ከተበሉ 20፣ አሁንም ከተበሉ 40 እያሉ መደቡን እጥፍ ያደርጉታል። አንዴ ቀይ ሲወጣ የተበላው ሁሉ ይመለስና የ10 ብር ትርፍ ይተርፋል። ስሙ ማርቲንጌል ነው። የሚያዋጣ መሆኑን ለማወቅ ግን ካዚኖ መሄድ አያስፈልግም። ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።

1. በዳይስ ይጀምሩ

አንድ ሰው “10 ብር ከፍለህ ዳይስ ጣል፤ 6 ከመጣ 50 ብር እሰጥሃለሁ፤ ሌላ ከመጣ ምንም የለህም” አለ እንበል። ስድስቱም ገጾች የመምጣት ዕድላቸው እኩል ነው። ስለዚህ ስድስት ጊዜ ተጥሎ እያንዳንዱ ገጽ አንድ አንድ ጊዜ እንደመጣ አድርገው ያስቡ። የተከፈለው 60 ብር ነው፤ የተገኘው 50። በስድስት ጨዋታ 10 ብር ሄደ፤ በአንድ ጨዋታ ሲካፈል 1.67 ብር ገደማ ኪሳራ ማለት ነው።

ይህ ቁጥር የጨዋታው የሚጠበቅ ዋጋ ይባላል። በአንድ ውርወራ 1.67 ብር የሚከስር ሰው የለም፤ ወይ 10 ብር ይበላሉ፣ ወይ 40 ብር ያተርፋሉ። ቁጥሩ የሚናገረው ጨዋታው ሲደጋገም አማካዩ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ሽልማቱ 60 ብር ቢሆን ኖሮ የሚጠበቀው ዋጋ ዜሮ፣ ጨዋታውም ፍትሐዊ ይሆን ነበር።

2. ወደ ሩሌት ይውሰዱት

የአውሮፓው ሩሌት 37 ቤቶች አሉት፦ 18 ቀይ፣ 18 ጥቁርና አንድ አረንጓዴ ዜሮ። ቀይ ላይ 10 ብር ሲያስይዙ በ18ቱ 10 ብር ያተርፋሉ፤ በ19ኙ 10 ብር ይበላሉ። በ37 ዙር 180 ገብቶ 190 ይወጣል። ስለዚህ ካስያዙት እያንዳንዱ ብር ላይ በአማካይ 1/37፣ ማለትም 2.7 ሳንቲም ያህል ይሄዳል። ልዩነቱን የፈጠረችው ያቺ አንዷ ዜሮ ናት። የአሜሪካው ሩሌት ሁለት ዜሮ ስላለው ኪሳራው ወደ 5.3 ሳንቲም ከፍ ይላል።

3. ማርቲንጌልን ያስሉ

ኪስዎ ውስጥ 630 ብር አለ እንበል። ይህ እያጠፉ ስድስት ጊዜ ለማስያዝ ይበቃል፦ 10፣ 20፣ 40፣ 80፣ 160፣ 320። በተከታታይ ስድስት ጊዜ የመበላት ዕድል 19/37 በራሱ ስድስት ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ 1.83 በመቶ ገደማ። ትንሽ ይመስላል፤ ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ነው።

አሁን ሙከራው 10,000 ጊዜ ተደገመ ብለው ያስቡ። 9,817 ያህሉ በ10 ብር ትርፍ ያልቃሉ፤ 98,170 ብር። 183ቱ ግን እያንዳንዳቸው 630 ብር ያስበላሉ፤ 115,290 ብር። ልዩነቱ ለሙከራዎቹ ሲካፈል በአንድ ሙከራ ወደ 1.7 ብር ኪሳራ ነው።

ይህ 1.7 ብር ከየት መጣ? በአንድ ሙከራ ጠረጴዛው ላይ የሚያርፈው ገንዘብ በአማካይ 64.20 ብር አካባቢ ነው፤ አንዳንዱ ሙከራ በ10 ብር ያልቃል፣ አንዳንዱ 630 ድረስ ይሄዳል። 64.20 ለ37 ሲካፈል ያው 1.7 ብር ይመጣል። ይህ መግጠም በአጋጣሚ አይደለም። እያንዳንዱ ብር ጠረጴዛው ላይ ባረፈ ቁጥር 1/37ኛውን ያጣል፤ ቀድሞ ማን እንደተበላ አያውቅም። ዘዴው የሚወስነው ስንት ብር መቼ እንደሚያርፍ ብቻ ነው። ኪሳራ ላይ ኪሳራ ቢደምሩ ትርፍ አይወጣም። ሲያሸንፉ መደብ መጨመርም ሆነ ሌላ ቅደም ተከተል መከተል ያው ነው፤ ያስያዙትን ደምረው ለ37 ያካፍሉት።

4. “ገንዘቤ ብዙ ቢሆንስ?”

ሰባተኛ መደብ ይጨምሩበት። የመክሰር ዕድሉ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል፤ ሲከስሩ ግን የሚሄደው 1,270 ብር ነው። አማካይ ኪሳራው እንዲያውም ወደ 2.05 ብር ያድጋል፤ ምክንያቱም ጠረጴዛው ላይ የሚያርፈው ገንዘብ ጨምሯል። ካዚኖዎችም የመደብ ጣሪያ አላቸው።

ነሐሴ 1913 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በሞናኮ በሚገኘው የሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ውስጥ ጥቁር 26 ጊዜ ተከታትሎ ወጣ። ብዙዎች “አሁንስ ቀይ መምጣቱ አይቀርም” እያሉ ገንዘባቸውን ጨረሱ። በ10 ብር ጀምሮ ቀይ ላይ ሲያጥፍ የቆየ ሰው ቢኖር 26ኛው መደብ ብቻውን ከ335 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆንበት ነበር። የቀይ ዕድል ግን በ26ኛውም ዙር ያው እንደ መጀመሪያው ነበር።

ይህ ስሌት የሚፈርሰው ቤቶቹ እኩል ዕድል ከሌላቸው ብቻ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ጃገር እዚያው ሞንቴ ካርሎ አንዳንድ ቁጥሮችን የሚያበዛ የተዛባ መዘውር አግኝቶ ብዙ አትርፏል። ያዋጣው የመደብ ዘዴ ሳይሆን የመዘውሩ ጉድለት ነበር። ቁማር ቤቱ መዘውሩን ሲያስተካክል ብልጫውም አብሮ ጠፋ።