ዕቃ ሲመለስ የኮሚሽን ሺቱ ለምን ይሳሳታል?

ኮምቦልቻ ውስጥ ለብስኩት፣ ለማካሮኒና ለሳሙና አከፋፋዮች ሒሳብ እሠራለሁ። የሽያጭ ሠራተኞቹ ዕቃውን ወደ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ባቲና ከሚሴ ሱቆች ያወርዳሉ። ወሩ ሲዘጋ ኮሚሽናቸውን በኤክሴል ሺት የማወጣው እኔ ነኝ። ጭቅጭቁ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ዕቃ ሲመለስ ነው። አንድ የባቲ መስመር ሠራተኛ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ፣ "እህቴ፣ የከፈላችሁኝን ቁረጡ፤ ያልከፈላችሁኝን ለምን ትቆርጣላችሁ?" አለኝ። ሳየው እውነቱን ነበር። የሱን ሒሳብ እንደምሳሌ ልውሰደው። ቁጥሮቹን ለማስረዳት እንዲቀሉ ድፍን አድርጌያቸዋለሁ።

ምልክት፦ የተቆረጠው ብር በተመለሰው ዕቃ ላይ ከተከፈለው ኮሚሽን ጋር አይገጥምም

ስምምነቱ በእርከን ነው። እስከ 100,000 ብር ላለው ሽያጭ 2 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 250,000 ላለው 3 በመቶ፣ ከ250,000 በላይ ላለው 4 በመቶ። ሠራተኛው በጥቅምት 280,000 ብር ሸጠ። ከመጀመሪያው እርከን 2,000፣ ከሁለተኛው 4,500፣ ከሦስተኛው 1,200፣ በድምሩ 7,700 ብር ተከፈለው። በኅዳር ደግሞ ከጥቅምቱ ሽያጭ የ60,000 ብር ብስኩት ተመለሰ።

ስንት ይቆረጥ? ሺቱ 2,400 ቆርጦበታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ 60,000ውን በሙሉ በ4 በመቶ አባዝቶታል። ግን 4 በመቶ የተከፈለው ለመጨረሻዎቹ 30,000 ብር ብቻ ነው። የቀረው 30,000 የተከፈለው በ3 በመቶ ነበር። ስለዚህ 300 ብር በትርፍ ተወስዶበታል።

ተቃራኒውን ስህተትም አይቻለሁ። ተመላሹን ከኅዳር ሽያጭ ላይ መቀነስ። ኅዳር ላይ የሸጠው 120,000 ቢሆን ኮሚሽኑ 2,600 ነው። 60,000 ሲቀነስ ወደ 1,200 ይወርዳል። የተቆረጠው 1,400 ብቻ ሆነ ማለት ነው፤ አሁን ድርጅቱ ተጎዳ። ያው ዕቃ፣ ያው ሰው፣ ሁለት የተለያየ ሒሳብ።

መፍትሄው ዕቃው የተሸጠበትን ወር መልሶ ማስላት ነው። ጥቅምት 280,000 ሳይሆን 220,000 ቢሆን ኖሮ ኮሚሽኑ 2,000 ሲደመር 3,600፣ ማለትም 5,600 ይሆን ነበር። የተከፈለው 7,700 ነው። ልዩነቱ 2,100 ብር። የሚቆረጠው እሱ ነው፤ ከኅዳር ክፍያ ላይ ይነሳል፣ ስሌቱ ግን የጥቅምት ነው።

በሺቱ ላይ እንዲህ አደርገዋለሁ። H2 እስከ H4 የእርከኖቹ መነሻ ይገባል፦ 0፣ 100000፣ 250000። I ላይ መቶኛዎቹ። J ላይ እያንዳንዱ መቶኛ ከበፊቱ በስንት እንደሚበልጥ፦ 2%፣ 1%፣ 1%። B የወሩ ጠቅላላ ሽያጭ፣ C ከዚያው ወር ሽያጭ የተመለሰው፣ D የተጣራው ነው። E በጠቅላላው፣ F በተጣራው ላይ የሚታሰበው ኮሚሽን ነው፤ G የሚቆረጠው ልዩነት።

```
D2: =B2-C2
E2: =SUMPRODUCT((B2>$H$2:$H$4)*(B2-$H$2:$H$4)*$J$2:$J$4)
F2: =SUMPRODUCT((D2>$H$2:$H$4)*(D2-$H$2:$H$4)*$J$2:$J$4)
G2: =E2-F2
```

B ላይ 280000፣ C ላይ 60000 ስታስገቡ G ላይ 2100 መምጣት አለበት። ካልመጣ J ዓምድን እዩ። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ልዩነቱን ትቶ 2፣ 3፣ 4 ብሎ ይሞላል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ጥር ላይ ከዚያው የጥቅምት ሽያጭ ሌላ 40,000 ቢመለስ፣ C ላይ የሚገባው 100,000 ነው፤ ሁለቱ ተደምረው። G 3,300 ይላል። ከዚያ ላይ አስቀድሞ የተቆረጠው 2,100 ይነሳና የሚቀረው 1,200 ብቻ ይቆረጣል። ይህን ለመያዝ "እስካሁን የተቆረጠ" የሚል አንድ ዓምድ ጨምሩ።

ምልክት፦ ትንሽ ሽያጭ ሲጨመር ኮሚሽኑ ይዘላል

249,000 የሸጠው 7,470፣ 251,000 የሸጠው 10,040 ካገኘ፣ ሺቱ በ`IF` ተሠርቶ ሙሉውን ሽያጭ በከፍተኛው መቶኛ እያባዛ ነው። በ2,000 ብር ሽያጭ 2,570 ብር ኮሚሽን መጨመሩ ነው። መጀመሪያ ግን ውሉን አንብቡ። እርከኑን ላለፈ ሰው በሙሉው ላይ ይከፈላል የሚል ከሆነ ስህተት የለም። "ከዚህ በላይ ላለው" የሚል ከሆነ ከላይ ያለው ቀመር ያስተካክለዋል፤ 6,470 እና 6,540 ይሰጣል።

ምልክት፦ ተመላሹ የትኛው ወር ላይ እንደሚገባ አይታወቅም

እኛ የምንዘጋው በጥቅምት ነው፣ ኤክሴል የሚያውቀው ኦክቶበርን። `MONTH` ብላችሁ ካስላችሁ ጥቅምት ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ዘንድሮ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11 የሚውል ከሆነ የወሩ መጨረሻ ኖቬምበር ውስጥ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ "የሽያጭ ወር" የሚል ዓምድ በእጅ ሙሉ። ጳጉሜ ከነሐሴ ጋር ይሁን ከመስከረም፣ አስቀድማችሁ ወስኑ።

ከዚያም በላይ ተመላሽ ዕቃ ሲመጣ የመጀመሪያው ደረሰኝ ቁጥር አብሮ ይጻፍ። መጋዘን ላይ ያለው ሰው "ከባቲ 40 ካርቶን ተመለሰ" ብቻ ብሎ ካለፈ የየትኛው ወር ሽያጭ እንደሆነ ማንም አያውቅም። እኔ አሁን ደረሰኝ ቁጥር የሌለውን ተመላሽ አልመዘግብም።

የቫት ነገርም እዚሁ ይነሳል። ሽያጩ ያለ ቫት ተይዞ ተመላሹ ከነቫቱ ከገባ 60,000 የነበረው 69,000 ሆኖ ይቀነሳል። የተመላሹን ዋጋ በ1.15 አካፍላችሁ አስገቡ።

ምልክት፦ የቡድን ቦነሱ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ቡድኑ ዒላማውን አልመታም

ይህኛው ከሁሉም ይከብደኛል፤ ያላጠፋ ሰው ይነካልና። አራት ሰዎች ያሉት ቡድን ዒላማው 800,000 ነበር። ጥቅምት ላይ 830,000 ሸጡ፣ 1 በመቶው 8,300 ለአራት ተካፈለ፤ ለእያንዳንዱ 2,075። የባቲው 60,000 ሲመለስ ቡድኑ 770,000 ላይ ወረደ። በደንቡ ከሄድን ለማንም ቦነስ አይገባም። የሐይቋ ሠራተኛ ግን አንድ ካርቶን እንኳ አልተመለሰባትም። 2,075 ብር መልሺ ማለት ይከብዳል።

መፍትሄው የቦነሱን ክፍያ ማዘግየት ነው። አብዛኛው ተመላሽ የሚመጣው እስከ 30 ቀን ከሆነ የጥቅምትን ቦነስ ኅዳር ሲያልቅ ክፈሉ። የግል ኮሚሽን በወሩ ይከፈል፣ የቡድኑ በአንድ ወር ይዘግይ። ከ30 ቀን በኋላ የሚመለስ ዕቃ የግል ኮሚሽን ይነካል፣ ቦነስ አይነካም። ይህ በጽሑፍ ይሁንና ሁሉም ይፈርሙበት።

ሺቱ ላይ ደግሞ የቡድኑ ድምር የሚወሰደው ከD ዓምድ ነው። አንዳንዱ ከD ደምሮ ተመላሹን እንደገና ይቀንሳል። የቡድኑ ድምር 770,000 መሆን ሲገባው 710,000 ካላችሁ ያ ነው የሆነው።

ምልክት፦ ተቀናሹ ከወሩ ኮሚሽን በልጦ ቁጥሩ ኔጌቲቭ ወጣ

ብዙዎች ወዲያው ከደመወዝ ላይ ያነሱታል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 59 ከደመወዝ መቁረጥን ይገድባል፤ ሕግ፣ ኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፣ በምንም ሁኔታ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። እኔ ቀሪውን ወደሚቀጥለው ወር ኮሚሽን አሻግራለሁ። "ካለፈው ወር የዞረ" የሚል መስመር ይገባል፣ ሠራተኛውም ከነደረሰኝ ቁጥሩ ያየዋል። የባቲው ልጅ በትርፍ የተወሰደበት 300 ብርም በታኅሣሥ ሺት ላይ በዚያው መስመር ተመልሶለታል።