የቋንቋ ፈተና ውጤት በሙያ ፈቃድ ማመልከቻ ላይ ጊዜው እንዳያልፍ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በውጭ አገር የሙያ ፈቃድ ለማግኘት የሚያመለክቱ ነርሶችንና ሌሎች የጤና ባለሙያዎችን ፋይል ሳይ በተደጋጋሚ የሚያጋጥመኝ ችግር የውጤት ማነስ አይደለም። አመልካቹ የተጠየቀውን ነጥብ አምጥቶ ሳለ፣ ፋይሉ ተራ ሲጠብቅ ውጤቱ ያረጅበታል። አይልትስም ሆነ ቶፍል በተለምዶ ለሁለት ዓመት እንደሚያገለግል ሁሉም ያውቃል። የማይታወቀው ሁለቱ ዓመት ከየትኛው ቀን ተነሥቶ በየትኛው ቀን እንደሚቆም ነው፤ ስህተቶቹም ከሞላ ጎደል የሚመነጩት ከዚህ ነው።

የመጀመሪያውና ከሁሉ የከፋው ስህተት ሌላው ማስረጃ ሳይጀመር ፈተናውን ማስቀደም ነው። አመልካቾች ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ይገባኛል። ፈተናው ብቻውን በእነሱ እጅ ያለ ጉዳይ ስለሆነ፣ ከፍለውና ተዘጋጅተው ሲያልፉ መንገዱን የተጋመሱት ይመስላቸዋል። ሆኖም ከሚጠየቁት ማስረጃዎች ሁሉ ቀን የሚቆጠርበት በዋናነት ይኸው ውጤት ነው። የትምህርት ማስረጃ አያረጅም፤ የሙያ ፈቃድ ማረጋገጫ ደብዳቤም ቢያረጅ በሌላ ደብዳቤ ይተካል። የቋንቋው ውጤት ግን ካለፈበት እንደገና ከመፈተን በቀር መፍትሔ የለውም፤ ሁለተኛው ፈተናም የመጀመሪያውን ነጥብ ለማምጣቱ ዋስትና የለም።

አንድ ፋይል በዝርዝር ላሳይ። አመልካቿ ነርስ ስትሆን አይልትስ የተፈተነችው ማርች 5 ቀን 2022 ነበር፤ የተጠየቀውን ነጥብም በአንድ ጊዜ አመጣች። ማስረጃዎቿን ለሚመረምረው ተቋም ያመለከተችው ከአራት ወር በኋላ፣ በጁላይ ነው። ተቋሙ የትምህርት ማስረጃው በእሷ በኩል ሳይሆን ከተማረችበት ትምህርት ቤት በቀጥታ እንዲላክለት ጠየቀ። ትምህርት ቤቱ ቅጹን ሞልቶ እስኪልክ ስድስት ወር አለፈ፤ የተላከው ደግሞ የንድፈ ሐሳቡንና የተግባር ልምምዱን ሰዓት ለይቶ ስላላሳየ ተመልሶ እንደገና ተጠየቀ። ሁለተኛው ሲደርስ ኦገስት 2023 ሆኖ ነበር። ቀጥሎ የሙያ ፈቃዷ ማረጋገጫ ላይ የአባቷ ስም በፓስፖርቷ ላይ ካለው በአንድ ፊደል ተለይቶ ተገኘና እሱን ለማስተካከል ተጨማሪ ወራት ሄዱ። ፋይሉ ተሟልቶ ለምርመራ የቀረበው በኤፕሪል 2024 ሲሆን፣ ውጤቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በማርች መጀመሪያ ላይ ጊዜው አልፎበት ነበር። ከተቋሙ የመጣላት ደብዳቤ ሁሉም ማስረጃ መሟላቱን ገልጾ፣ አዲስ የቋንቋ ውጤት ብቻ እንዲላክ ይጠይቃል።

የዚህች ነርስ ቅደም ተከተል ቢገለበጥ ችግሩ ባልተፈጠረም ነበር። በመጀመሪያ የትምህርት ቤቱ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ጎን ለጎን የስም ልዩነት በሁሉም ወረቀቶች ላይ ተፈልጎ ይስተካከላል፤ ከዚያም የፈቃድ ማረጋገጫው ይጠየቃል። የፈተናው ቀን የሚያዘው በጣም የሚዘገየው ማስረጃ መላኩ ከታወቀ በኋላ ነው። የአይልትስ ውጤት በቀናት፣ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት አካባቢ ስለሚደርስ ፋይሉን የሚያዘገየው እሱ አይሆንም። እኔ አመልካቾችን የምመክረው ፋይሉ ሲሟላ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ የቀረው ውጤት በእጃቸው እንዲኖር ነው። የቋንቋ ማስረጃ ካልቀረበ ማመልከቻውን ጭራሽ የማይከፍት ተቋም ካጋጠመ ግን ምርጫ የለም፤ እዚያም ቢሆን የትምህርት ቤቱን ጉዳይ አስቀድሞ መጨረስ ይቻላል።

ሁለተኛው ስህተት ማመልከቻው የገባበት ቀን ቆጠራውን በየትም ቦታ ያስቆመዋል ብሎ ማሰብ ነው። የአውስትራሊያ የጤና ባለሙያዎች መዝጋቢ የሆነው አፕራ ውጤቱ ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ የተገኘ መሆኑን ይመለከታል፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ፋይሉ ቢዘገይ አመልካቹን አይጎዳውም። ሌሎች ተቋማት ደግሞ ከላይ እንዳየነው ፋይሉ ተሟልቶ በሚመረመርበት ቀን ውጤቱ እንዲጸና ይፈልጋሉ። አፕራም ጋ ቢሆን «ማመልከቻ» የተባለው የትኛው እንደሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል። ሁለቱን የሙያ ፈተናዎች፣ ማለትም የጽሑፉንና የተግባሩን፣ አልፎ እንዲመዘገብ የተመደበ የውጭ ነርስ የምዝገባ ማመልከቻውን የሚያስገባው እነሱን ከጨረሰ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የሚሞላው የራስ ግምገማ ቅጽ ሰዓቱን አያስቆምም። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው በመጀመሪያው ወር አይልትስ ሲፈተን ሳይ እበሳጫለሁ፤ ሁለቱ ዓመት የሚያልቀው ለሌሎቹ ፈተናዎች ሲዘጋጅ ነው።

ቆጠራው የሚጀምረው ከፈተናው ቀን እንጂ ውጤቱ ከወጣበት ወይም ወረቀቱ ከደረሰበት ቀን አይደለም።

በሁለት ጊዜ የተገኙ ውጤቶችን አጣምሮ የሚቀበል ተቋምም አለ፤ የብሪታንያ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት አንዱ ነው። እንዲህ ያለውን ዕድል የሚጠቀም አመልካች ጊዜውን በቀደመው ፈተና ይቁጠር።

ሌላው ስህተት ለፈቃዱ ያገለገለ ውጤት ለቪዛውም በዚያው ስሌት ይሠራል ብሎ ማመን ነው። ፈቃድ ሰጪውና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ የየራሳቸው ደንብ አላቸው። አውስትራሊያ ለሠለጠኑ ባለሙያዎች በምትሰጠው ቪዛ እስከ ሦስት ዓመት የቆየ ውጤት ስትቀበል፣ አፕራ ግን በሁለት ዓመቱ ይጸናል። ካናዳ የሠለጠኑ ባለሙያዎችን ለቋሚ ነዋሪነት የምትመርጥበት ኤክስፕረስ ኢንትሪ ደግሞ ውጤቱ መገለጫው በተሞላበት ቀንም ሆነ የቋሚ ነዋሪነት ማመልከቻው በገባበት ቀን ከሁለት ዓመት በታች እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ የፈቃዱ ሂደት ረጅም ጊዜ ከወሰደ፣ ፈቃዱን ያስገኘው ውጤት ቪዛው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ጊዜ የማያልፍበት ወረቀት የያዙም ቢሆኑ ነገሩ አይመለከተንም ማለት የለባቸውም። የጎተ ኢንስቲትዩት የጀርመንኛ ምስክር ወረቀት ማብቂያ ቀን የለውም፤ ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ግን በቅርብ የተወሰደ እንዲሆን ሊጠይቅ ይችላል።

የመጨረሻው ስህተት ያለፈበትን ውጤት መጣል ነው። አፕራ ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ውጤት የሚቀበልበት ሁኔታ አለ። ይኸውም አመልካቹ ከፈተናው በኋላ በ12 ወር ውስጥ ሥራ ጀምሮ፣ ዋናው የሥራ ቋንቋ እንግሊዝኛ በሆነበትና አፕራ ዕውቅና በሰጠው አገር በዚያው ሙያ ተመዝግቦ ሳያቋርጥ ከሠራና ሥራውን ካቆመ 12 ወር ሳያልፈው ካመለከተ ነው። ይህን ዕድል የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ የማስረጃ ጉድለት ነው። የአይልትስ ወረቀት ለተፈታኙ የሚሰጠው አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ መጥፋት የለበትም፤ ቶፍልን የሚያዘጋጀው ድርጅት ደግሞ ሁለት ዓመት ያለፈውን ውጤት ለተቋማት አይልክም። ከአሠሪ የሚጻፈው ደብዳቤም «ለረጅም ጊዜ አገልግላለች» የሚል ብቻ ከሆነ አይጠቅምም፤ ሥራው የተጀመረበትን ቀን፣ ወርና ዓመት፣ ያልተቋረጠ መሆኑንና የሥራ ቋንቋው እንግሊዝኛ እንደሆነ በግልጽ መጻፍ አለበት።