ወፏ ቀበቶ ስትታጠቅ፦ የረጅምና አጭር ስፌት ችግርና መፍትሄ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ የትራስ ልብስ ይዛ መጣች። አቡጀዲ ላይ ያችን የጣና ዳር ትንሽ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ጠልፋለች። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ያውቃታል። ደንገል ላይ ቁጭ ብላ ውሃውን ስታይ ትውላለች። ጀርባዋ ደማቅ ሰማያዊ ነው፤ ምንቃሯ ቀይ፣ ጉሮሮዋ ነጭ፣ ከደረቷ እስከ ሆዷ ደግሞ የሸክላ ቀለም።

«እትዬ፣ ወፏ ቀበቶ ታጠቀችብኝ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሆዱ ላይ ጠቆር ያለ የሸክላ ቀለም፣ ከሱ በላይ ብርቱካናማ፣ ከዚያ በላይ ፈዛዛ። ሦስቱም ተለያይተው እንደ ጥለት ተደርድረዋል። ለነጠላ ያምራል። ለላባ ግን አይሆንም።

ይህ ችግር ወፍ የሚጠልፍን ሰው ሁሉ ይገጥመዋል። እኔም ሁለት የትራስ ልብስ አበላሽቼበታለሁ። ስለዚህ የልጅቷን ወፍ ይዘን ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ እንሂድ።

ምልክት፦ በሁለት ቀለም መሃል መስመር ይታያል

መስመሩ ከሁለት ቦታ ሊመጣ ይችላል። ወይ ከአሰፋፉ ነው፣ ወይ ከቀለም ምርጫው። ሳይለዩ ማስተካከል ድካም ብቻ ነው።

ለመለየት ጥፍርዎን ከሆዱ ወደ ጉሮሮው ቀስ አድርገው ያስኪዱ። መስመሩ ጋ ሲደርስ ጥፍርዎ ከተደናቀፈ ወይም ጎድጎድ ካለበት ጥፋቱ የአሰፋፍ ነው። ልስልስ ብሎ ካለፈና ዓይን ብቻ መስመር ካየ ግን ጥፋቱ የቀለም ነው። የልጅቷ ወፍ ሁለቱም ነበረባት።

ከአሰፋፉ እንጀምር። ረጅምና አጭር ስፌት ስሙን ያገኘው ከመጀመሪያው ረድፍ ነው። አንዱ ስፌት ረጅም፣ ቀጣዩ አጭር፣ እንደገና ረጅም እየተባለ ይሄዳል። በአንድ በኩል ጠርዙ ቀጥ ይላል፤ በሌላው በኩል እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ቀጣዩ ቀለም የሚገባው በነዚያ ጥርሶች መሃል ነው።

ልጅቷ ግን ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ረድፍ ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር እያለች ሰፍታዋለች። ስሙ አሳስቷታል፤ አይፈረድባትም። ረጅምና አጭር የሚደረገው የመጀመሪያው ረድፍ ብቻ ነው። ከሁለተኛው ጀምሮ ስፌቶቹ በርዝመት ይቀራረባሉ። መነሻቸው ከፍ ዝቅ ስለሚል መድረሻቸውም በራሱ ከፍ ዝቅ ይላል። አጭር ስፌት አጭር ላይ ሲደራረብ ነው ጫፎቹ ተሰልፈው ቀበቶ የሚሆኑት።

ሁለተኛው ስህተቷ የባሰ ነው። አዲሱን ቀለም የጀመረችው የቀድሞው ካለቀበት ጫፍ ላይ ነው። ጫፍ ለጫፍ የተገናኘ ክር አይዋሃድም። አዲሱ ስፌት ወደ ኋላ ገብቶ፣ የቀድሞውን ክር ሰንጥቆ መውጣት አለበት። ምን ያህል ወደ ኋላ? የስፌቱን ርዝመት ሢሶ ያህል። ስፌቱ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው።

በልጅቷ ወፍ ላይ ሒሳቡ እንዲህ ይሆናል። ከሆዱ እስከ ነጩ ጉሮሮ 4 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። የመጀመሪያው ረድፍ ረጅሙ 10፣ አጭሩ 7 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከዚያ እያንዳንዱ ረድፍ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ገብቶ 7 ሚሊ ሜትር ወደፊት ይሄዳል። 10፣ 17፣ 24፣ 31፣ 38። አምስት ረድፍ ነው። አምስት ረድፍ ደግሞ አምስት ቀለም ይፈልጋል። እሷ በሦስት ልትጨርስ ነበር።

የሚጀመረው ከታች፣ ከሆድ ነው። የሳር ቤት ሲከደን አይታችኋል? ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይኬዳል፤ የላይኛው ሳር የታችኛውን ጫፍ ይሸፍነዋል። ላባም የሚተኛው እንደዚያ ነው። ከሆድ ወደ ጉሮሮ ከሰፋችሁ የላይኛው ቀለም የታችኛው ላይ ይተኛል።

ቀለሙ ሲሆን

ክሮቹን እንደምትሰፉበት ቅደም ተከተል ጎን ለጎን አስቀምጡና በስልካችሁ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሷቸው። ግራጫው ደረጃ በደረጃ እየፈዘዘ ከሄደ ደህና ነው። አንዱ ቦታ ላይ ዘሎ ከወረደ መስመሩ የሚወጣው እዚያው ነው። የልጅቷ ጠቆር ያለውና ብርቱካናማው በፎቶው ላይ እንደ ከሰልና እንደ አመድ ነበሩ። በመሃላቸው አንድ ቀለም ጎድሏል።

ቁጥር ያለው ክር ለሚያገኝ ሰው ሥራው ቀላል ነው። ዲኤምሲ በሚባለው የክር አምራች ቁጥር ለዚህች ወፍ ደረት 400፣ 301፣ 3776፣ 402 እና 3856 ከጠቆረው ወደ ፈዛዛው የሚሄዱ የአንድ ቤተሰብ ቀለሞች ናቸው። ገበያ ላይ ቁጥር የሌለው ክር ከሆነ የምትገዙት በዓይናችሁ ምረጡ፤ ግን በቀን ብርሃን። አምፖል ሥር የመረጥኩት ብርቱካናማ ጠዋት ላይ ሮዝ ሆኖብኝ ያውቃል።

የመሃሉ ቀለም ጭራሽ ካልተገኘስ? አንዳንዱ ሰው ሁለቱን ቀለም በአንድ መርፌ አብሮ ያስገባል። እኔ ለትንሽ ወፍ አልወደውም። ክሩ ይወፍራል፣ ደረቱም ዝንጉርጉር ይሆናል። ይልቅ ሁለት መርፌ ያዙ፤ አንዱ ላይ ጠቆር ያለው፣ ሌላው ላይ ፈዘዝ ያለው። በመሃሉ ረድፍ አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ እያደረጋችሁ ስፉ። አልፎ አልፎ ከአንዱ ሁለት ደጋግሙ። ልክ እንደ ሰዓት ከተፈራረቀ እሱም ራሱ ጥለት ይሆናል። ራቅ አድርጋችሁ ስታዩት ዓይን ሦስተኛ ቀለም ያያል።

ያለቀውን ሳይፈቱ ማዳን

ልጅቷ ልትፈታው መቀስ ይዛ ነበር። አስቆምኳት። ስፌቱ አንድ ንብርብር ብቻ ስለሆነ መዳን ይችላል።

ፈዛዛውን ክር ይዛችሁ መርፌውን ከመስመሩ በታች፣ ጠቆር ካለው ረድፍ ውስጥ አውጡት፤ ከመስመሩ በላይ ፈዛዛው ውስጥ አስገቡት። አንዱ ስፌት ከመስመሩ 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ይነሳ፣ ሌላው 5። በየሦስት ወይም በየአራት ስፌቱ አንድ ይበቃል። ከዚያ በጠቆረው ክር ደግሞ ጥቂት ስፌት ወደ ፈዛዛው አሻግሩ። መስመሩ ተሰባብሮ ይጠፋል።

ይህ ግን ወሰን አለው። ከላይ ሁለት ንብርብር ከተጨመረ ደረቱ ያብጣል፤ መርፌውም እየከበደ ይመጣል። መርፌውን ለመሳብ ጥርስ የሚያስፈልግበት ደረጃ ከደረሳችሁ ፍቱት። ሲፈታ ከጀርባ ተቆርጦ ከፊት በወረንጦ ይለቀም። ከፊት ከቆረጣችሁ ጨርቁንም ትነካላችሁ።

ምልክት፦ ረድፎቹ መሃል ትናንሽ ጉድጓድ ይታያል

ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ የመርፌው አካሄድ ተገልብጧል። ባዶ ጨርቅ ላይ ወጥቶ በቀድሞው ረድፍ ውስጥ የሚገባ መርፌ ክሩን ወደ ታች ይስበዋል፤ ቦታው ይጎደጉዳል። ከቀድሞው ረድፍ ውስጥ ውጡ፣ ባዶው ጨርቅ ላይ ግቡ። ያኔ ክሩ ወደ ላይ ስለሚሳብ ልስልስ ብሎ ይተኛል።

መርፌውም ስል ጫፍና ቀጭን ይሁን፤ የጥልፍ መርፌ 10 ቁጥር ደህና ነው። የጥልፍ ክር ስድስት ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ ሆነው ነው። ለዚህ ሥራ አንዱን ብቻ መዛችሁ ስፉ፤ በሁለት ክር ሰንጥቆ መውጣት አይመችም። ከ45 ሴንቲ ሜትር በላይ አትቁረጡ፤ ረጅም ክር በመመላለስ ብዛት ጸጉር ያወጣና ቀለሙ ይደበዝዛል።

ምልክት፦ አንገቱ ላይ አንዱ ጎን ይጨናነቃል፣ ሌላው ጎን ይሳሳል

ይህች ወፍ ውሃውን ለማየት አንገቷን ታዞራለች። ስለዚህ ስፌቱ አብሮ መታጠፍ አለበት። ቀጥ ያለ ስፌት መታጠፊያው ላይ ሲደርስ በውስጥ በኩል ይደራረባል፤ በውጭ በኩል ጨርቁ ይታያል።

መፍትሄው የሚጀምረው ከመስፋት በፊት ነው። በእርሳስ ከምንቃሩ ሥር እስከ ሆዱ የላባውን አቅጣጫ የሚያሳዩ ስስ መስመሮች አስምሩ፤ በየ5 ሚሊ ሜትሩ አንድ። ስትሰፉ እያንዳንዱ ስፌት ከጎረቤቱ በጥቂቱ ብቻ ይዘንበል። በአንድ ስፌት ልታዞሩት ብትሞክሩ ሸካራ ይሆናል። በውስጥ በኩል አንዳንዱን ስፌት ዝለሉት ወይም አሳጥራችሁ በጎረቤቱ ሥር ሸሽጉት። በውጭ በኩል ክፍተት ሲፈጠር አጭር ስፌት ጨምሩ፤ መነሻውን በጎረቤቱ ሥር ደብቁት። ከተሰፋ በኋላ ያየነውንም ክፍተት እንደዚሁ ሞላነው።

ጠርዙ የተቦጫጨቀ ከሆነ ደግሞ የወፏን ቅርጽ ቀድማችሁ ክሩን እየሰነጠቀ በሚሄድ ትንንሽ ስፌት ክበቡት። የመጀመሪያውን ረድፍ ከውስጥ እየወጣችሁ፣ ያን ክብ ተሻግራችሁ ከውጭ በኩል አስገቡት። ጠርዙ ከፍ ብሎ ጥርት ይላል።

አንድ ነገር ልርሳ ብል ነጩ ጉሮሮ አይለቀኝም። ከሸክላው ቀለም አጠገብ ነጭ አለ። ርካሽ ቀይና ብርቱካናማ ክር ሲታጠብ ይለቃል። ከመጀመራችሁ በፊት ቁራጭ ክር በሙቅ ውሃ አርጥባችሁ ነጭ ጨርቅ ላይ ጭመቁት። ምልክት ከተወ ለዚህች ወፍ አይሁን።

ልጅቷ በማግስቱ ተመልሳ መጣች። ቀበቶው ጠፍቷል። በግራ በኩል፣ ክንፉ ሥር፣ አንዲት ትንሽ መስመር ቀርታለች። «እሷን ልፍታት?» አለችኝ። ክንፉ ገና አልተሰፋም፤ ሰማያዊው ሲመጣ ይሸፍናታል አልኳት። ቡናው እስኪፈላ ክንፉን ጀመረች።