ስድስት ሰዓት ስንት ሰዓት ነው? ውሃን በፀሐይ ሲያክሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት እኔ ራሴ ነኝ። ገጠር ውስጥ የመጠጥ ውሃ አያያዝ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ ቤት ለቤት እየዞርኩ «ውሃውን በሃይላንድ ሞልታችሁ ለስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ አስቀምጡት» እል ነበር። ከወር በኋላ ተመልሼ ብሄድ የአንዲት አዛውንት እናት የቆርቆሮ ጣራ ባዶውን ነው። ጊዜው ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ፀሐዩ የሚፋጅበት።

«ጠርሙሶቹስ የት ሄዱ እማማ?»

«አወረድኳቸዋ ልጄ! ስድስት ሰዓት ብለኸን የለም?»

ጠርሙሶቹን ጣራ ላይ ያወጧቸው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን አወረዱ፤ በእሳቸው ሒሳብ የታዘዙትን አድርገዋል። ውሃው ግን ያገኘው የሦስት ሰዓት ፀሐይ ብቻ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ «ስድስት ሰዓት» የሚለው ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ «ከጠዋቱ ሦስት እስከ ቀኑ ዘጠኝ» እላለሁ። አዲስ የሚመጡ አሠልጣኞች «ለስድስት ሰዓት ያህል» እያሉ ሲያስተምሩ በሰማሁ ቁጥር ግን ደሜ ይፈላል፤ ከመጽሐፍ የተተረጎመ ትእዛዝ ሰው ቤት ሲገባ ምን እንደሚሆን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰቡበትምና።

የሦስት ሰዓት ፀሐይ ሥራውን በግማሽ ይሠራል ብላችሁ እንዳትጽናኑ። ጀርሙን የሚገድለው በዋናነት በዓይን የማይታየው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ጨረሩ የጀርሙን ሕዋስና የዘር ቅንጣት ይጎዳል፤ ጉዳቱ የሚጠራቀመው ቀስ በቀስ ነው። ከግማሽ መንገድ የወረደ ጠርሙስ ውስጥ ቆስለው የተረፉ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ሌሊቱን ጨለማ ውስጥ ሲያድሩ አገግመው እንደገና ሊራቡ ይችላሉ። ክፋቱ ደግሞ ውሃው ሲታይም ሲቀመስም አንድ ነው፤ አለመዳኑን የሚነግር ቀለምም ሽታም የለውም። ስለዚህ መለኪያችን ሰዓትና ሰማይ ብቻ ናቸው።

ሰማይ ካልን ደመና አለ። ደመናው ከሰማዩ ግማሹን ከሸፈነ አንድ ቀን አይበቃም፤ ጠርሙሱ ሁለት ተከታታይ ቀን መሰጣት አለበት። ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ከዋለ ግን ያ ቀን አይቆጠርም፤ አፍልታችሁ ጠጡ። ይህን ሁሉም ሰው ይሰማና ራሱን ይነቀንቃል። ስህተቱ የሚመጣው ጠርሙስ ሲያንስ ነው። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት ለመጠጥ በቀን ስምንት ሊትር ይፈልጋል እንበል፤ ባለ ሁለት ሊትር አራት ጠርሙስ ማለት ነው። በጋ ላይ አራቱ ሲጠጡ አራቱ ጣራ ላይ ይውላሉ፤ ስምንት ይበቃል። ክረምት ላይ ግን አራት የሚጠጣ፣ አራት ሁለተኛ ቀኑን የያዘ፣ አራት ዛሬ የወጣ ያስፈልጋል፤ አሥራ ሁለት ሆነ። ስምንት ብቻ ያለው ቤተሰብ በሐምሌ ምን ያደርጋል? አንድ ቀን ብቻ የዋለውን አውርዶ ይጠጣል። ያየሁት መፍትሔ ቀላል ነው፦ ጠርሙሱ በወጣ ቀን አንገቱ ላይ አንድ ክር፣ በማግሥቱ ሁለተኛ ክር ይታሰራል። ሁለት ክር የሌለው አይወርድም።

ጥላውንም ጠብቁ። ጠዋት ፀሐይ የነበረበት ቦታ ስምንት ሰዓት ላይ የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ይሆናል። እኔ ራሴ በገዛ ግቢዬ ይህን ያወቅሁት ሳምንት ሙሉ ከጠጣሁ በኋላ ነው።

ሌላው ችግር ድፍርስ ውሃ ነው። በክረምት ከወንዝ የተቀዳ ውሃ ውስጥ እያንዳንዱ የጭቃ ቅንጣት ለጀርም ጥላ ነው፤ ጨረሩ ከላይ ያለውን ነክቶ ይቀራል። ሰዎች ጠርሙሱን በጎኑ ወደ ብርሃን አንሥተው አይተው «ጠርቷል» ይላሉ። እንደዚያ አይደለም የሚለካው። ነጭ ወረቀት ላይ ቁመቱ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር የሚሆን «ሀ» በጥቁር እስክሪብቶ አድምቃችሁ ጻፉ፤ የጋዜጣ ርዕስም ይሆናል። የሞላውን ጠርሙስ ፊደሉ ላይ አቁሙና በአፉ በኩል ቁልቁል ተመልከቱ። «ሀ» ከተነበበ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ካልተነበበ አይሰጣም።

አንድ ጊዜ ከእኚያው አዛውንት እናት ቤት የወንዝ ውሃ ይዘን ሞከርን። ማታ እንደተቀዳ ፊደሉ ጨርሶ የለም። በባልዲ ከድነን አሳደርነው፤ ጠዋት አተላውን ሳንበጠብጥ ከላይ ያለውን በቀስታ ቀዳነው፤ አሁን እንደ ጥላ የሆነ ነገር ይታያል፣ ግን አይነበብም። በንጹሕ ነጠላ አራት እጥፍ አጠለልነው፤ «ሀ» ወጣች። ባትወጣ ኖሮ ወደ ምድጃ ነበር የምንሄደው።

«ነካሁት፣ ሞቋል፣ ደርሷል» የሚሉም አሉ። ሙቀት ያግዛል፤ ውሃው 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ነገር ግን እጅ ቴርሞሜትር አይደለም፤ ለብ ያለውም ለእጅ ትኩስ ነው። በተቃራኒው ደጋ ላይ ያሉት «ውሃው ቀዝቅዞ ዋለ፣ ከንቱ ነው» ብለው ይተዉታል። ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነና ሰዓቱን ከሞላ፣ ሳይሞቅም ይድናል።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም። ቀለም የሌለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ፣ ከሁለት ሊትር ያልበለጠ፣ ወረቀቱ የተላጠ፣ በጎኑ የተጋደመ። አረንጓዴ የለስላሳ ጠርሙስ አይሆንም። ጀሪካን አይሆንም። ከመስኮት መስታወት በስተጀርባ አይሆንም። ተቧጭሮ የደበዘዘውን ለዘይት መያዣ አድርጉት። ፕላስቲኩ ፀሐይ ላይ መርዝ ያወጣል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ በስዊዘርላንድ ቤተ ሙከራ ተለክቶ የተገኘው ለመጠጥ ውሃ ከተፈቀደው ወሰን በጣም ያነሰ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የመጨረሻው ነው። ቀኑን ሙሉ ተጠብቆ የዳነ ውሃ ማታ ማድጋ ውስጥ ይገለበጣል፤ ከዚያ ልጁ ከሜዳ መጥቶ ጣቱን ጭምር ጣሳውን ይነክራል። ፀሐይ እንደ ክሎሪን ውሃው ውስጥ የሚቀር ጠባቂ አትተውም፤ አዲስ የገባ ጀርም የሚከለክለው የለም። ውሃው በዳነበት ጠርሙስ ይቆይ፤ ከዚያው በንጹሕ ኩባያ ይቀዳ፤ በማግሥቱ ይለቅ።

ዘዴው የወጣው ከቤሩት ነው። ተመራማሪው አፍቲም አክራና ባልደረቦቹ ለተቅማጥ ሕሙማን የሚሰጠውን የጨውና የስኳር ውሃ በፀሐይ ማከም እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1980 አሳተሙ። የማይችለውንም ነገር ማወቅ ይገባል፦ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ጠንካራ ሽፋን ስላለው የአንድ ቀን ፀሐይ አይበቃውም። ሕፃን ወይም በበሽታ አቅሙ የደከመ ሰው ባለበት ቤት ለእነሱ የሚሆነውን አፍሉ።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ አንድ አባት የልጃቸውን ቡናማ ጥርስ እያሳዩ «ይህንስ ፀሐዩ ያጠራዋል?» ብለው ጠየቁኝ። ያ ፍሎራይድ ነው። ጨረር ሕይወት ያለውን ይገድላል እንጂ ውሃ ውስጥ የሟሟ ማዕድን አያወጣም፤ ማፍላትም አያወጣውም። ሌላ ጉድጓድ እንዲፈልጉ ነገርኳቸው።