40/30/30ን ወደ ግራም ለመቀየር አቋራጭ

የምግብ ዕቅዳችሁ «40 ከመቶ ካርቦሃይድሬት፣ 30 ፕሮቲን፣ 30 ስብ» ይላል፤ ሚዛኑ ግን የሚያውቀው ግራም ብቻ ነው። መጀመሪያ የቀን ካሎሪያችሁን 10 ከመቶ ውሰዱ። 2000 ከሆነ 200 ነው። እሱን ለ4 አካፍሉ፣ 50 ይመጣል። ለ9 አካፍሉ፣ 22 ገደማ ይመጣል። አለቀ። እያንዳንዱ 10 ከመቶ ለካርቦሃይድሬትና ለፕሮቲን 50 ግራም፣ ለስብ 22 ግራም ነው ማለት ነው። ስለዚህ ካርቦሃይድሬት 200፣ ፕሮቲን 150፣ ስብ 66 ግራም። ነገ ክፍፍሉን ብትቀይሩትም እነዚሁ ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ።

ይህ የሚሠራው ፐርሰንቱ የካሎሪ እንጂ የክብደት ስላልሆነ ነው። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን 4 ካሎሪ ገደማ ሲሰጥ፣ ስብ 9 ይሰጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስቡንም ለ4 ሲያካፍል ነው። 150 ግራም ስብ ይወጣለታል፤ ብቻውን 1350 ካሎሪ! ፕሮቲንና ስብ እኩል 30 ከመቶ ሆነው ግራማቸውም እኩል ከመጣ፣ ስህተቱ እዚያ ጋ ነው።

ደግሞ 150 ግራም ፕሮቲን ማለት 150 ግራም ሥጋ አይደለም። 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት ውስጥ ያለው ፕሮቲን 30 ግራም አካባቢ ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን የፕሮቲን መጠኑን ከሐኪሙ ይውሰድ፤ በዚህ ስሌት አይሂድ።