በስብሰባ መሀል ቪዲዮ ሲያጫውቱ ድምፁም አብሮ እንዲሄድ

ስክሪን ሼር አድርገው ቪዲዮ ከፈቱ። እርስዎ ጋ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሌሎቹ ግን ምስሉን ብቻ ነው የሚያዩት፤ ወይም ድምፁ እየተቆራረጠ፣ ከሩቅ የመጣ መስሎ ይደርሳቸዋል። ምክንያቱም ስክሪን ሼር ሲያደርጉ ድምፁ ሁልጊዜ በራሱ አብሮ አይሄድም። ሰዎቹ ጋ የሚደርሰው ከስፒከር ወጥቶ ማይክዎ የለቀመው ብቻ ይሆናል። ፕሮግራሙ ደግሞ ማሚቶና የጀርባ ጫጫታ መስሎት ያንኑ ይቀንሰዋል። ሙዚቃ ከሆነማ ጭራሽ ይበላሻል።

መጀመሪያ ዙምን እንይ። በኮምፒውተር "Share Screen" የሚለውን ይጫኑ። መስኮቱ ሲከፈት ታች በኩል "Share sound" የሚል ያገኛሉ። እሱን ምልክት አድርገውበት ሼር ያድርጉ። ረስተው ከጀመሩም ማቋረጥ የለብዎትም፤ በመሀል "More" ውስጥ ገብተው ማብራት ይችላሉ። "Optimize for video clip" የሚለው ቪዲዮው ሳይንቀረፈፍ እንዲሄድ ያግዛል፤ ግን ቪዲዮውን ሙሉ ስክሪን አድርገው ሲያጫውቱ ብቻ ይጠቀሙበት። ወደ ጽሑፍ ወይም ስላይድ ሲመለሱ ያጥፉት፤ ካልሆነ ፊደሉ ሊደበዝዝ ይችላል።

ጎግል ሚት ላይ ስክሪን ሼር ሲያደርጉ ክሮም ምን ማሳየት እንደሚፈልጉ ይጠይቅዎታል። ለቪዲዮ የሚሻለው ታብ ነው። ቪዲዮው ያለበትን ታብ ይምረጡና "Also share tab audio" የሚለው መብራቱን ይዩ። ቪዲዮው ኮምፒውተርዎ ላይ የተቀመጠ ፋይል ቢሆንስ? ኤምፒፎር ከሆነ ፋይሉን ጎትተው ባዶ ታብ ላይ ይጣሉት፤ እዚያው ይከፈታል። እኔ ይሄንን መንገድ እመርጣለሁ፤ የሚሄደው የዚያ ታብ ድምፅ ብቻ ነዋ። ዙም ላይ ግን የኮምፒውተሩ ድምፅ በሙሉ ስለሚሄድ የሚገባልዎት መልእክት ሁሉ "ጢን" ሲል ሰው ይሰማል። አስቀድመው ኖቲፊኬሽን ያጥፉ።

ቲምስ ላይ "Share" ሲሉ "Include sound" የሚል አለ። እሱን ማብራት ነው።

ድምፁ በትክክል መሄዱን እንዴት ያውቃሉ? "ይሰማችኋል?" ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ ማይክዎ የለቀመውን ሰምተው "አዎ" ሊሉ ይችላሉ። ስለዚህ ማይክዎን ሚዩት ያድርጉና ቪዲዮውን ጥቂት ሰከንድ ያጫውቱ። የኮምፒውተሩ ድምፅ በሌላ መንገድ ስለሚሄድ የማይኩ ሚዩት አይነካውም። አሁንም ከሰሙ ነገሩ ተስተካክሏል። ዝም ካለባቸው ሲሰሙ የነበረው የማይክዎን ነው ማለት ነው፤ ሼሩን አቁመው የድምፁን ምርጫ አብርተው እንደገና ይጀምሩ። አብርተውትም ካልተሰማ የቪዲዮው የራሱ ድምፅ ተዘግቶ እንዳይሆን ይዩ።

ከተሳካም በኋላ ቪዲዮው እስኪያልቅ ማይኩን አይክፈቱት። ከስፒከር የሚወጣው ድምፅ በማይክ ተመልሶ ከገባ ሰዎቹ አንዱን ነገር ሁለቴ ይሰሙታል። በመሀል እያቆሙ ማብራራት ካለብዎት ኢርፎን ያድርጉ፤ ያኔ ማይኩ ክፍት ቢሆንም ችግር የለውም።