ሦስት ጊዜ የተመለሰብኝ የጥናት ዘዴ ክፍል

ኮምቦልቻ ውስጥ ለመምህርነት ልምምድ በተመደብሁበት ትምህርት ቤት፣ በአራተኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ችግር ላይ ተግባራዊ ምርምር ጀመርሁ። መረጃ ከመሰብሰቤ በፊት ያቀረብሁት የጥናት ዘዴ ክፍል ሦስት ጊዜ ተመለሰብኝ። በኅዳጉ የተጻፈው አንድ ቃል ነበር፦ «ለምን?»

በክፍሌ 52 ተማሪዎች አሉ፤ መጀመሪያ የናሙናን መጠን በሚያሰላው በያማኔ ቀመር ለመመለስ ሞከርሁ፦

```
n = 52 / (1 + 52 × 0.05²) = 46.02
```

47 ብዬ ጻፍሁ፤ ተመለሰ። የናሙና ትርጓሜዎችን ከመጻሕፍት ገልብጬ ገጹን አበዛሁት፤ ያም ተመለሰ።

የፈታው ጥያቄውን በራሴ ክፍል ላይ መጠየቄ ነው። ቀመሩ ከብዙ ሕዝብ ጥቂቱን ወስዶ ስለ ሁሉም ለመገመት ነው። እኔ ግን 52ቱንም አስተምራለሁ፤ አምስቱን የማስቀርበት ምክንያት የለኝም። ቀመሩን ሰርዤ ሁሉም እንደሚጋበዙና ውጤቱ ከዚህ ክፍል እንደማያልፍ ጻፍሁ።

ያዘጋጀሁትን የጽሑፍ መጠይቅም ጣልሁት። ማንበብ የሚቸግረው ልጅ መጠይቁን በምን ያነበዋል? በምትኩ እያንዳንዱ ልጅ ለአንድ ደቂቃ ጮክ ብሎ ያነባል፤ በትክክል ያነበባቸው ቃላት ይቆጠራሉ።

ከሁሉ የከበደኝ የሥነ ምግባሩ አንቀጽ ነበር። «ምስጢር ይጠበቃል» ማለት አልበቃም፤ ልጅም ሆነ ወላጅ መምህሩን እምቢ ማለት ይከብደዋልና። ስለዚህ ፈቃዱን ለወላጆች አንብባ የጠየቀችው ሌላ መምህርት ናት። ሁለት ወላጆች አልፈቀዱም። ልጆቻቸው ትምህርቱን ከሌሎቹ ጋር ይማራሉ፣ ውጤታቸው ግን አይመዘገብም። ቁጥሩን 50 አድርጌ ምክንያቱን ጻፍሁ።

በአራተኛው ኅዳጉ ባዶ ነበር።